ለምታጠባ እናት የእንቅስቃሴና የምግብ ልክ

የአራስነት ጊዜዋን ጨርሳ ወደ ሰውነት እንቅስቃሴ ለመመለስ የምታስብ፣ ልጇንም ጡት ብቻ የምታጠባ እናት፣ ከሁሉ አስቀድማ ልታውቀው የሚገባው ገና እርምጃ ሳትጀምር ሰውነቷ ከወትሮው የበለጠ ኃይል እያወጣ መሆኑን ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ወተት ማምረት በቀን 670 ኪሎካሎሪ ገደማ ይፈጃል፤ ኪሎካሎሪ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውና የሚያወጣው ኃይል መለኪያ ነው። ከዚህ ውስጥ 500 ያህሉ ከተጨማሪ ምግብ እንዲገኝ ይመከራል፤ ቀሪው 170 በእርግዝና ወቅት ከተጠራቀመው ስብ ይወሰዳል። ስለዚህ በተመከረችው መጠን የምትመገብ እናት እንኳ ከምታወጣው ያነሰ ታገኛለች፤ ይህ ልዩነት የካሎሪ ጉድለት ይባላል።

ወተቷ ከተደላደለ በኋላ፣ ማለትም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ ወዲህ፣ ትርፍ ክብደት ላላት እናት ጠቅላላው ጉድለት በቀን ከ500 ባይበልጥ፣ የሚቀንሰውም ክብደት በሳምንት ከግማሽ ኪሎ ባያልፍ መልካም ነው። ቀጭን ለሆነች እናት ግን ጉድለት አይመከርም፤ 670ውም ሁሉ ከምግብ ሊመጣላት ይገባል።

ለምሳሌ የ28 ዓመት፣ ቁመቷ 160 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ 70 ኪሎ የሆነች እናት ባታጠባ ኖሮ በቀን 1,950 ገደማ ይበቃት ነበር፤ ስታጠባ ግን 2,450 ያህል ያስፈልጋታል። በቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ብላ ብትራመድ 150 ገደማ ተጨማሪ ታወጣለች፤ ከስብ የሚወሰደው 170 ሲደመርበት ከምግቧ ምንም ሳትቀንስ ጉድለቷ 320 ይደርሳል። ከገበታዋ ልትቀንስ የምትችለው ቢበዛ 180 ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ ሙሉ እንጀራ ያነሰ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ 500 ይፈቀዳል ሲባል ሰምተው ያንን ሁሉ ከምግብ ላይ ሲቀንሱ፣ ጉድለቱ ሳይታወቃቸው 820 ይደርሳል። በጾም ወራት ምግቧ የሚያንስ እናት ደግሞ እርምጃውን በዚያ ላይ ባትጨምር ይሻላታል።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ ያለ ችግር በምጥ የወለደች እናት ከአሥር ደቂቃ እርምጃ ብትነሳና በየሳምንቱ ጥቂት ብትጨምር ይበቃታል፤ በቀዶ ሕክምና የወለደች ግን ቁስሏ ታይቶ እስኪፈቀድላት ድረስ መታገሥ አለባት። ከመነሳቷ በፊት ብታጠባ ጡቷ ስለሚቀል እንቅስቃሴው አያስቸግራትም፤ መጠነኛ እንቅስቃሴ ወተቱን አይቀንስም። መጠኑ እንዳለፈ የሚታወቀው መቆም የጀመረው ደም እንደገና ደማቅ ቀይ ሆኖ ሲመለስ፣ በታችኛው የሆድ ክፍል ክብደት ሲሰማ፣ ሽንት ሲያመልጥ ነው። የምግብ ማነሱ ደግሞ በሕፃኑ ይነበባል፤ በቀን የሚያረጥበው ዳይፐር ከስድስት ካነሰ ወይም ክብደቱ ካልጨመረ፣ እናቲቱ እርምጃውን አቁማ ምግቧን ወደ ሙሉ መጠኑ ትመልስ፣ ሕፃኑንም በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ ትውሰድ።