ከሁለቱ አንዱን ምረጡ

 

በሂጅራ 8ኛው ዓመት፣ ከሑነይን ዘመቻ በኋላ፣ የሐዋዚን ጎሳ መልእክተኞች ሰልመው ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። የተማረኩ ቤተሰቦቻቸውና ንብረታቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «ምን ልስጣችሁ?» አላሉም። ከምርኮኞቹና ከንብረቱ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቁ። መልእክተኞቹም ቤተሰቦቻቸውን መረጡ።

ምርኮኞቹ ግን አስቀድመው ለሙስሊሞች ተከፋፍለው ነበር። ስለዚህ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዎቹም ሁለት መንገድ አቀረቡ፦ በፈቃዱ የሚመልስ ይመልስ፤ ድርሻውን የሚፈልግ ደግሞ ወደፊት ከሚገኘው የመጀመሪያ ገቢ ይተካለታል። ሰዎቹ በአንድ ድምፅ «ወደናል» አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ አልረኩም። ማን ከልቡ እንደፈቀደ፣ ማን እንዳልፈቀደ በጩኸት መሐል አይለይምና፣ ሄደው በአለቆቻቸው በኩል መልሳቸውን እንዲያሳውቁ አደረጉ።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። የቀረቡት አማራጮች በእርግጥ የሚፈጸሙ ነበሩ። ሁለተኛውን መንገድ የመረጠ ሰው አያፍርም ነበር። መልሱም በጩኸት መሐል ሳይሆን በአለቆች በኩል የሚሰጥ ነበር።

አሁን ወደ ገላን እንምጣ። ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት የሚሠራ ጓደኛህ እናቱ ሞተውበታል እንበል። «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ» ብለህ ትጽፍለታለህ። እሱም «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም» ይልሃል። የሚያስፈልገው ጠፍቶ አይደለም። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ችግሩን ማሰብ፣ አንተ የምትችለውን መገመት፣ ከዚያም አፍ አውጥቶ መለመን ይከብደዋል። ያንን ሥራ አንተ ሥራለት፦

«ሐሙስ ማታ ለለቀስተኞች እራት ይዤ ልምጣ፣ ወይስ ቅዳሜ አንተ ሥራ ስትገባ ልጆቹን እኔ ልያዝ? አንደኛው ከሆነ 1፣ ሁለተኛው ከሆነ 2 በለኝ። ሁለቱም ካልሆነ ‹ይቅር› በለኝ፣ ቅር አይለኝም።»

ከሥራ ደክሞ የወጣ ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ይህን በአንድ ቁጥር ይመልሳል። «ይቅር» የምትለዋ ቃል ግን አትቅር፤ እሷ ከሌለች ምርጫው ማስገደድ ይሆናል። የማትችለውንም አታቅርብ፤ ቅዳሜ ሥራ ካለብህ 2ን አትጻፈው።

መልሱ «እሺ» ብቻ ከሆነ የትኛውን እንደመረጠ አታውቅም፤ ለይተህ ጠይቀው። «አንተ እንደፈለግክ» ካለህ ምናልባት ሁለቱም አልተመቹት፣ ወይም «ይቅር» ማለት አፍሯል። ያኔ መጻፉን ትተህ ደውልለት ወይም ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ። ልቡ ምን እንደተሰማው ለማወቅም አማራጭ አትደርድር፤ እዚያ ላይ ክፍት ጥያቄ ጠይቀህ ማዳመጥ ይሻላል።

ዛሬ ከሶላት በኋላ «ካስፈለገህ ንገረኝ» ያልከውን አንድ ሰው አስታውስና ጥያቄህን አስተካክለህ ላክለት። አላህ ለወንድሞቻችን ከሚያገሩት ያድርገን፣ አሚን።