ከ«ይስጥልኝ» በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር

የእናቴን መርዶ የሰማሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በክረምት፣ ገና ሳይነጋ ነው። በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ፤ ስምንት ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። እዚህ አገር በዚያ ሰዓት ስምንት ሐበሻ ደጅህ ላይ ከቆመ የሚነግርህ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ማንም ሳይናገር ገባኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ለቀናት በሰው ተሞላ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁሉም ወደየሥራው ሲመለስ ወንድሜ «እንግዲህ የምስጋናውን መልእክት ጻፊ፤ በቴሌግራም እልከዋለሁ» አለኝ።

ጻፍኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፦

«በወላጅ እናታችን ሞት በደረሰብን መሪር ሐዘን ከጎናችን በመቆም፣ በአካል በመገኘትና በስልክ በመደወል ላጽናናችሁን ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ፣ ቃላት ቢያጥሩንም ልባዊ ምስጋናችንን በእግዚአብሔር ስም እናቀርባለን።»

አንባቢ ይህን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። የጋዜጣ የምስጋና ማስታወቂያ ላይ አንብቦታል፤ ምናልባትም ራሱ ጽፎታል። ስሕተት የለበትም። እኔን የረበሸኝ ያለቀበት ፍጥነት ነው። «ቃላት ቢያጥሩንም» ስል ቃላቱ አላጠሩኝም ነበር፤ ተደርድረው ይጠብቁኝ ነበር። «ሐዘን» የሚለውን «ደስታ»፣ «ላጽናናችሁን» የሚለውን «ላደመቃችሁልን» ብዬ ብቀይረው፣ እናቴን አውጥቼ ሙሽሮቹን ባስገባ፣ ለሠርግ ይሆናል። ከእነዚያ ቀናት በውስጡ አንድም ነገር የለም። ማን መጣ? ምን አደረገ? የሚነግረኝ የለም።

ይህ ነገር የሞራል ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው ሌሊቱን ሰጥቶህ አንተ በአምስት ደቂቃ ጽሑፍ ብትመልስ፣ ውለታውን አይተኸዋል ማለት ይቻላል? ወይስ ምስጋና እንደ ሰላምታ ነው፤ መባሉ እንጂ ምን መባሉ አያሳስብም?

መጀመሪያ ጥፋቱን በቃላቱ ላይ ጣልኩት። ቃላቱ አረጁ፤ እንቀይራቸው አልኩ። ቆይቶ ግን ቃላቱ በድሮ ጊዜም ብቻቸውን እንዳልነበሩ ትዝ አለኝ። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነው። የሚሰጣትን በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ አንገቷን ትሰብራለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ምስጋናው ግማሹ በወገቧና በእጇ ነበር፤ ቃሉ ማሰሪያ ነው። ስልክ ላይ ወገብም እጅም የለም። እሱን ለማካካስ ነው መሰለኝ ቃላት የምንቆልለው፦ «ከልብ»፣ «እጅግ በጣም»፣ «ከወገቤ ዝቅ ብዬ»። (የመጨረሻው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ራሴም ጽፌዋለሁ።) በዚያ ላይ ሁለት እጅ የገጠመች ቢጫ ሥዕል ይጨመራል። ቁልሉ በጨመረ ቁጥር ሚዛኑ ይቀንሳል፤ ሁሉም «ከልብ» ከሆነ «ከልብ» ምንም አይለይም።

አሁን ወደ አንዲት ሴት ልምጣ። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ እትዬ የምላቸው ናቸው። ከአሌክሳንድሪያ እኛ ቤት መምጣት ማለት ፖቶማክን ተሻግሮ በቀለበት መንገዱ ዞሮ መምጣት ነው፤ ከሥራ መውጫ ሰዓት ጋር ከገጠመ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሦስት ምሽት መጡ። ሳሎን አልተቀመጡም፤ ወጥ ቤት ነበሩ። በሦስተኛው ሌሊት፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ መኝታ ቤቴ ገብተው ስልኬን ከትራሴ ሥር ወሰዱት። በክረምት እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ረፋድ 4 ሰዓት ነው፤ ዘመድ የሚደውለው በዚያ ሰዓት ነው። እስኪነጋ እያንዳንዱን ስልክ እሳቸው አነሡ። የማያውቋቸውን አክስቶቼን አጽናኑ፤ ማን እንደደወለ በወረቀት ጻፉልኝ። እኔ ተኛሁ።

ለእሳቸው ለብቻ ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ «ያደረጉልኝን እርዳታ በጣም አደንቃለሁ» የሚል ነው። በዚህ አካባቢ በየቀኑ የምንሰማው አማርኛ ነው፤ ከሥራ ቦታ ወደ ቤት ይዘነው የገባን። ግን ማድነቅ በአማርኛ ከዳር ሆኖ መመዘን ነው። ሩጫን፣ ሥዕልን፣ ጎበዝ ተማሪን እናደንቃለን። ስልኬን ሌሊቱን ሙሉ ያነሡልኝን ሴት «አደንቃለሁ» ስል እንደ አለቃ ውጤት ሰጠኋቸው ማለት ነው።

ቀጥሎ «ስለ ድጋፍዎ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄም የምንወስድበት ቦታ ይታወቃል። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ካወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ቅጽና ማስታወቂያ በአማርኛም ይወጣል፤ ከአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የአማርኛ ደብዳቤ ይላካል። ትልቅ ነገር ነው፤ እናቶች በቋንቋቸው እንዲያነቡ አድርጓል። ሆኖም የትርጉም አማርኛ ግስን ወደ ስም መለወጥ ይወዳል፦ «ስለ ትዕግሥትዎ»፣ «ስለ ትብብርዎ»፣ «ስለ ድጋፍዎ»። ቤት ውስጥ ያደገ አማርኛ «ስለታገሡኝ» ነው የሚለው። በ«ስለታገሡኝ» ውስጥ የታገሠ ሰው አለ፤ የታገሡትም ሰው አለ። በ«ስለ ትዕግሥትዎ» ውስጥ ዕቃ ብቻ ነው ያለው።

ሦስተኛው ሙከራዬ ከሁለቱም የባሰ ነው። የተለመደውን ለመሸሽ ብዬ የጨለማ መብራት አደረግኋቸው። መልሼ ሳነበው አፈርኩ። አዲስ ነበር፤ ግን ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ እኔ የጽሑፍ ችሎታ ነው የሚናገረው። እትዬ ቢያነቡት «ይቺ ልጅ ደህና ናት?» ይሉ ነበር።

መጨረሻ የላክሁት ይህ ነው፦

«እትዬ፣ ሦስተኛው ሌሊት ስልኬን ከትራሴ ሥር ወስደው እስኪነጋ እርስዎ መለሱልኝ። መርዶ ከሰማሁ ወዲህ የተኛሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው። የደወሉትን የጻፉበትን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እንደምታዩት የድሮውን ቃል አልጣልኩትም። ልጥለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ቃሉን ጠጋ ብዬ ሳየው ተውኩት። «ይስጥዎ» ቢል ተራ ምርቃት ነው። «ይስጥልኝ» ግን «ልኝ» አለበት፦ በእኔ ፈንታ፣ ለእኔ ብሎ ይስጥ። እኔ መክፈል አልችልም፤ ዕዳዬን የሚችል ይክፈልልኝ ማለት ነው። ከ«አመሰግናለሁ» ይልቅ ብዙ ይናዘዛል። እስላሙ ወዳጄም «አላህ ይስጥልኝ» ሲል ይህችው «ልኝ» አለች። እንዲህ ያለ ቃል የሚያረጀው ከፊቱ ምንም ሳይኖር ሲቀር ነው። ምን እንደተደረገ ሳይነገር «ይስጥልኝ» ማለት ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ያልተጻፈበት የብድር ወረቀት እንደ መፈረም ነው። ድርጊቱ ከፊት ሲቀድም፣ ያው ቃል እንደገና ክብደት ያገኛል። ስለዚህ መታደስ ያለበት ከምርቃቱ በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ጌጥ አይፈልግም። ሰውየው ያደረገውን በግስ፣ ያ ድርጊት እኔን ያደረገኝን ደግሞ በሌላ ግስ መናገር ይበቃዋል፦ ወሰዱት፣ መለሱልኝ፣ ተኛሁ።

ሁልጊዜ ግን ይሠራል ማለቴ አይደለም። እኔም በማግስቱ ተሳሳትኩ። በዘዴው ተደስቼ የአደባባዩንም መልእክት እንዲሁ ጻፍኩት፤ የእትዬን ሌሊት ጨምሬ። ወንድሜ ከመላኩ በፊት ለእሳቸው አሳያቸው። ወዲያው ደወሉልኝ። «አንሺው ልጄ» አሉ። «ሦስት ቀን ሙሉ ሳህን ያጠቡት ልጆች ምን ይሉሻል? ስሜ ሲጠራ የእነሱ ሥራ ጠፋ ማለት ነው።» ልክ ነበሩ። ለብቻ ሲነገር ምስጋና የሆነው፣ በሰው ፊት ሲነገር ደረጃ ማውጣት ይሆናል። የተለመደው የጋዜጣ ዓረፍተ ነገርም ለካ ያን ያህል ባዶ አልነበረም፤ ማንንም ከማንም ላለማስበለጥ ብሎ ነው ሁሉንም «ወዳጅ ዘመድ» የሚለው። ድርቀቱ ግማሹ ጨዋነት ነው።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ይብሳል። ለቅሶ ላይ በፖስታ የተሰበሰበልን ነበር። እሱን በስም መጥራት ሰጪውንም ተቀባዩንም ያሳፍራል፤ ዝም ማለትም ውለታ መካድ ይመስላል። ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ ገንዘቡን ትቼ ገንዘቡ ያደረሰኝን ቦታ ጻፍኩ። የአደባባዩ መልእክት ከአርባው በኋላ፣ ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ፣ ዘግይቶ እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«መርዶውን ሳይነጋ በራችን ላይ ቆማችሁ ያረዳችሁን፣ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ በየምሽቱ እየመጣችሁ አብራችሁን ያመሻችሁ፣ ወጥ ቤት ቆማችሁ እንግዳ ያስተናገዳችሁልን፣ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያደረሳችሁልን ሁሉ፦ ብቻችንን ያደርንበት ሌሊት አልነበረም። ለእናታችን አርባ ደርሰናል። እግዜር ይስጥልን፤ ብድራችሁን በደስታ እንድንመልስ ያድርገን።»

ስም የለበትም፤ ግን ሳህን ያጠቡት ልጆች ራሳቸውን ያገኙበታል፤ ፖስታ ውስጥ ያስገባውም «ደርሰናል» የሚለውን ሲያነብ ያውቀዋል። ለሠርግ ሊቀየርም አይችልም።

የማልነካው ቦታም አለ። እናቴን በሕይወቴ «አመሰግናለሁ» ብያት አላውቅም። ብላት ኖሮ «ምን ሆንሽብኝ?» ትለኝ ነበር። በጣም ለቀረበ ሰው ምስጋናን በቃል ማቅረብ እንግዳ አድርጎ መሸኘት የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ያደጉት ልጆቻችን ይሄ አይገባቸውም፤ እነሱ ለውኃ ብርጭቆም ያመሰግናሉ። ማናችን እንደተሳሳትን አላውቅም። አርባዋ ላይ መቃብሯ አጠገብ ቆሜ የሆነ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር፤ ያደረገችልኝን መዘርዘር ጀመርኩ፣ ከትምህርት ቤት ምሳ ዕቃዬ ጀምሬ፤ ብዙም ሳልሄድ ቄሱ መጡ።

እትዬ ለዚያ ለብቻ ለላክሁት መልእክት መልስ የሰጡኝ በሁለተኛው ቀን ነው። «ምን ምስጋና አለው» ብለው ጀመሩ፤ እንደ ወጉ። ቀጥሎ ግን «ታላቋ አክስትሽ ስትደውል ምን እንዳለችኝ ወረቀቱ ላይ አልጻፍኩትም፤ ስትመጪ እነግርሻለሁ» ይላል።