ከሰው መሃል መቀመጥና ከሰው መቆጠር

አንዲት መስማት የተሳናት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በምትገኝ ልዩ ክፍል፣ እንደሷ መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር በምልክት ቋንቋ ተምራለች። ዘንድሮ ከሚሰሙት ጋር ተቀላቅላ የፊት ወንበር ተሰጥቷታል። መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ወደ እሷ ዞሮ ቀስ እያለ ይናገራል። ይሁንና «በላ» እና «መላ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «ጠራ»ን ከ«ደራ» የሚለየውም ነገር ለዓይን አይታይም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ደግሞ ያችው ትንሽ ፍንጭ ትጠፋለች። አስተርጓሚ ቢመደብላት እንኳ እጁን ስትከታተል ሰሌዳው ያመልጣታል፣ ሰሌዳውን ስትገለብጥ እጁ። ሌሎቹ እየጻፉ መስማት ይችላሉ፤ እሷ አንዱን መምረጥ አለባት።

ደብተሯን የሚያይ ሰው ግን ችግር አለ ብሎ አይጠረጥርም። ከሰሌዳው አንድ ፊደል ሳትስት ገልብጣለች፤ ጽሑፏም ያማረ ነው። ያልገባትን ለማወቅ ስለጻፈችው ነገር በራሷ ቋንቋ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በክፍሉ ውስጥ ያን ቋንቋ የሚችል ደግሞ የለም።

እንዲህ ያለውን አሠራር አካቶ ትምህርት ማለት ይቀናናል። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ኮሚቴ በ2016 ባወጣው ማብራሪያ ግን ይህ ውህደት ነው። በውህደት የሚለወጠው ልጁ ነው፤ ትምህርት ቤቱ እንደነበረ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ከተላመደ ይቆያል። በአካቶ ትምህርት የሚለወጠው ትምህርት ቤቱ ነው፤ የማስተማሪያው ዘዴ፣ ፈተናው፣ የመምህሩ ሥልጠና። ልዩ ትምህርት ቤት ደግሞ ከመጀመሪያውም ለልጁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከሰፈሩ ልጆች ግን ይነጥለዋል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሦስቱ ከታች ወደ ላይ ይደረደራሉ፤ ልዩ ትምህርት ቤት ያለፈ ዘመን ነገር፣ አካቶ የመጨረሻው ግብ ተደርጎ። እኔ ይህን አደራደር የምጠራጠረው መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሳስብ ነው።

ዓይነ ስውር ልጅ ብሬይል፣ ጊዜና የሠለጠነ መምህር ያስፈልገዋል፤ ይህም ቀላል አይደለም። የክፍሉን ወሬ ግን ከገባበት ቀን ጀምሮ ይሰማል፤ ቀልድ ሲወራ ይስቃል፣ ሲሰድቡት ይመልሳል። መስማት የተሳናት ልጅ የሚጎድላት የጋራ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ ደግሞ ለአንድ ልጅ ብቻ ተገዝቶ የሚቀርብ ዕቃ አይደለም። የሚያወሯት ሰዎች ያስፈልጓታል። አንድ አስተርጓሚ ትምህርቱን ያደርስላት ይሆናል፤ ጓደኛ ግን ሊሆናት አይችልም። በዕረፍት ሰዓት አብሯት አይሮጥም፣ ሚስጥር አያካፍላትም።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የማርታስ ቪንያርድ ደሴት ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። በዘር የሚተላለፍ መስማት አለመቻል ስለነበረ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በቺልማርክ መንደር ከ25 ሰው አንዱ ገደማ አይሰማም ነበር። ስለዚህ የሚሰሙትም በምልክት ያወሩ ነበር፤ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ፣ በሱቅ፣ በቤተ ክርስቲያን። አንትሮፖሎጂስቷ ኖራ ግሮስ በ1985 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ሰዎቹ የማይሰማውን ሰው እንደ ተለየ ሰው አይቆጥሩትም ነበር። ከዚህ የበለጠ አካቶ የለም። ሆኖም በ1817 በሃርትፎርድ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የደሴቷ ልጆች ወደዚያ ሄደው ከብዙ የሚሰሙ ጎረቤቶቻቸው የተሻለ ተማሩ፤ የሚሰሙትም ጽሑፍ እንዲያስረዷቸው ወደ እነሱ ይሄዱ ነበር። በሃርትፎርድ ግን ከሌላ አካባቢ የመጡ የትዳር ጓደኞች አገኙ፣ በደሴቷ ላይ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እየቀነሱ መጡ፣ የደሴቷም የምልክት ቋንቋ በጊዜ ብዛት ጠፋ። ልዩ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አበለጸገ፤ የተቀበላቸውን መንደር ግን ለማመናመን አስተዋጽኦ አደረገ።

ስለዚህ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በየሰፈራቸው ትምህርት ቤት አንድ በአንድ መበተን፣ በወረቀት ላይ አካቶ ቢባልም፣ ለእኔ ብቸኝነትን ማደል ነው። የተሻለው ጥቂት ትምህርት ቤቶችን መርጦ በእያንዳንዳቸው ብዙ መስማት የተሳናቸው ልጆችን ማሰባሰብ፣ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምሩ፣ ከነሱም ራሳቸው የማይሰሙ መምህራንን መቅጠር፣ የሚሰሙትንም ልጆች ቋንቋውን ማስተማር ነው። መሳካቱን ለማወቅ ዕረፍት ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል፤ የሚሰማ ልጅ ከማይሰማ ልጅ ጋር ያለ አስተርጓሚ መጣላት ከቻለ ቋንቋው ተጋርቷል።

ይህም ዋጋ ያስከፍላል። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ሲሆኑ መንገዱ ይረዝማል፤ ከገጠር የሚመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ሌላ ቤት ማደር ሊኖርበት ነው። ከእናቱ ጋር ቢቀርም እናቲቱ ብዙውን ጊዜ የምትሰማ ናት፤ ምልክት አታውቅም፤ የሚያስተምራትም እስካሁን አልተመደበም።