ምንጩ ዝም ሲል

አንድ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት እናስብ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አንድ ፕሮግራም በራሱ ይነሳና የባንኩን የዕለቱን የምንዛሪ ተመን ከድረ ገጹ ያመጣል፤ የእያንዳንዱን ዕቃ የብር ዋጋ በዚያ አስልቶ ያስቀምጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሱቁ ሲከፈት ሻጮቹ ፕሮፎርማ የሚሰጡት በዚህ ዋጋ ነው። አንድ ሌሊት የባንኩ ሰርቨር መልስ አልሰጠም እንበል። ፕሮግራሙ ሰርቨሩ እስኪመለስ ይጠብቅ? ወዲያው ሥራውን አቋርጦ ስህተት ያሳውቅ? ወይስ ቀድሞ ያስቀመጠውን ያደረ ተመን ይጠቀም?

ነገሩ የዕውቀት ጥያቄ ነው። ትናንት የማውቀውን ዛሬ ማረጋገጥ ካልቻልኩ፣ ዛሬ ስለ እሱ ምን ለማለት መብት አለኝ?

መጠበቅ መልሱን የሚፈልግ ሰው እስኪመጣ ድረስ ብዙም አያስከፍልም። ሱቁ እስኪከፈት ሦስት ሰዓት ተኩል አለ። ፕሮግራሙ ከ30 ሴኮንድ በኋላ ይሞክር፤ ከዚያ 1 ደቂቃ፣ 2፣ 4፣ 8 ደቂቃ እያሳለፈ፣ ከዚያ ወዲያ በየሩብ ሰዓቱ። ክፍተቱ እየሰፋ የሚሄደው ገና ያገገመ ሰርቨር በጠያቂ ብዛት ተመልሶ እንዳይወድቅ ነው። አደጋው ያለው ወሰን በሌለው ጥበቃ ላይ ነው። ብዙ የፓይተን ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙበት `requests` የተባለው ላይብረሪ የጊዜ ገደብ ካልሰጡት በራሱ ምንም ገደብ አያደርግም። ሰርቨሩ ግንኙነቱን ተቀብሎ ዝም ካለ ፕሮግራሙም አብሮት ዝም ይላል። ስላልወደቀ የማስጠንቀቂያ መልእክት አይልክም፤ ስላልጨረሰ ዋጋው አይታደስም።

ስለዚህ ብዙዎች፣ በተለይ ጥንቃቄ የሚወዱ ፕሮግራመሮች፣ ወዲያው መውደቅን ይመርጣሉ። የማያውቅ አላውቅም ይበል ነው ነገሩ። እኔም ይህን ሐቀኝነት አከብራለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ልንከተለው ይገባል። ፕሮግራሙ 11 ሰዓት ላይ ወደቀ፣ ለአንድ ሰው መልእክት ላከ፣ ሰውየው ተኝቷል። ጠዋት ሻጩ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ምን ያያል? ትናንት የተሰላውን ዋጋ ያያል፤ ምክንያቱም የዳታቤዙን ሰንጠረዥ ማንም አልነካውም። ፕሮግራሙ ያደረ መረጃ አልጠቀምም ብሎ ወደቀ፤ መውደቁ ግን ሻጩን ያንኑ ያደረ መረጃ አስጠቀመው፣ ያውም ሳያውቅ። ማለቂያ የሌለው ጥበቃም የሚያደርሰው እዚያው ነው። ሦስት የሚመስሉት መንገዶች ከአንባቢው ወገን ሲታዩ ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው፦ አሮጌው ቁጥር እንደ አዲስ ይነበባል።

ይህ ምን ያህል ይጎዳል? ለረጅም ጊዜ ምንም አይጎዳም ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በነበሩት ወራት የብር ይፋዊ ተመን ከቀን ወደ ቀን የሚንቀሳቀሰው በሳንቲም ነበር፤ የሁለት ቀን ተመን የተጠቀመ ሰው ልዩነቱን በደረሰኙ ላይ ፈልጎ አያገኘውም። ከዚያ ሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዓርብ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ የነበረው ዶላር ሰኞ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገደማ ሆነ። በ10,000 ዶላር ዕቃ ላይ በዓርቡ ተመን ፕሮፎርማ የሰጠ ሱቅ ከ170,000 ብር በላይ ያጎድላል።

ከዚህ ቀን የምወስደው ዋና ነገር የቁጥሩ መጠን አይደለም። ያደረ መረጃ ደህና ነው የምንለው ያለፉትን ቀናት ለውጥ አይተን ነው፤ የምንጩን ዝምታ የምንተረጉመውም በዚያው ልማድ ነው። ዝምታው ግን ከለውጡ ጋር ዝምድና ሊኖረው ይችላል። ትልቅ ለውጥ ባለበት ጠዋት ሰው ሁሉ የባንኩን ገጽ ይከፍታል፣ ሰርቨሩ ይጨናነቃል፣ ምናልባትም ገጹ እየተስተካከለ ስለሆነ አይከፈትም። ምንጩ የማይገኝበት ቀን እንደ ሌላው ቀን ነው ብሎ ማስላት ስለዚህ ስህተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልተለወጠበት ቀን ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን ሁሉም የተለወጠበት ቀን እሱ ነው።

እንዲህ ከሆነ ያደረን መረጃ ፈጽሞ እንከልክል? አይሆንም። ኢንተርኔት ራሱ በእሱ ይኖራል። የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚፈቱት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ዋናው ምንጭ ሲጠፋ ጊዜው ያለፈበትን አድራሻ እንዲሰጡ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው `RFC 8767` ይፈቅዳል፤ የሚመክረው ከፍተኛ ገደብም ከ1 እስከ 3 ቀን ነው። ዋጋ ላይ የሚያስፈራን እዚያ ለምን አያስፈራም? ያረጀ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያጋልጣል፤ ወደዚያ የሄደ ጠያቂ ወይ የሚቀበለው ያጣል፣ ወይ ትክክለኛውን የምስክር ወረቀት የማያሳይ ሰርቨር ያገኛል። ያረጀ ዋጋ ግን ማንንም አያደናቅፍም። ፕሮፎርማው ይታተማል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ደንበኛው ይከፍላል። ስህተቱ የሚታወቀው ዕቃውን ለመተካት ዶላር ሲገዛ ነው። እኔ የምለየው በዚህ ነው፦ ስህተቱ ቶሎ ራሱን የሚያሳይ ከሆነ ያደረውን ተጠቀም፤ ተደብቆ የሚያልፍ ከሆነ አትጠቀም።

መለያው የሚሠራው ቁጥሩ ቀኑን ይዞ ሲጓዝ ነው። «ዓርብ ዶላር 57 ብር ከ48 ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰኞም እውነት ነው፤ ሐሰት የሚሆነው «ዓርብ» የሚለው ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ፕሮፎርማ የሚያወጣው ክፍል ውስጥ መግባት አለበት፦

```sql
SELECT rate FROM fx_rate
WHERE code = 'USD'
  AND rate_date = CURRENT_DATE;
```

መልስ ከሌለ ፕሮፎርማ አይወጣም፤ ዋጋውን በስልክ ለሚጠይቅ ደንበኛ ግን የዓርቡን ተመን ዓርብ ብሎ መንገር ይቻላል። እዚህ `rate_date` ተመኑ የሚናገርለት ቀን ነው እንጂ ፕሮግራሙ ያመጣበት ቀን አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ሰኞ ሌሊት የተከፈተው ገጽ ገና የዓርቡን ተመን ቢያሳይ፣ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ስህተት ያመጣዋል፤ ምንጩ ተገኝቷል፣ መረጃው ግን ያደረ ነው።

ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። የኤችቲቲፒ ደንብ ለዓመታት `Warning: 110` የሚል ምልክት ነበረው፤ የተሰጠህ መልስ ያረጀ ነው ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው `RFC 9111` ሽሮታል፤ የሚልከው ጥቂት ስለነበረና ለተጠቃሚ ስለማይታይ። ሻጩ ማስጠንቀቂያን አይቶ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚያስቆመው የዋጋው አለመኖር ራሱ ነው።

አንድ የማይፈታ ነገር ይቀራል። ጠንቃቃ ፕሮግራመር የመጣው ተመን ከትናንቱ ከ5 በመቶ በላይ ከራቀ የገጹ ስህተት ነው ብሎ እንዲጥለውና የቀድሞውን እንዲይዝ ያዛል። በአብዛኛው ቀን ጥሩ ደንብ ነው፤ የተሳሳተ ነጥብ፣ የተገለበጠ ዓምድ ይይዛል። ሐምሌ 22 ግን ይህ ደንብ እውነተኛውን 74 ብር ከ73 ሳንቲም ጥሎ ሐሰት የሆነውን 57 ብር ከ48 ሳንቲም ይመልሳል። ምንጩ ተናግሯል፤ ያላመነው ፕሮግራሙ ነው። እዚህ ላይ መጠበቅም ሆነ ያደረውን መያዝ አያዋጣም። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ቁጥሮች አስቀምጦ መቆም አለበት፤ የትኛው የዛሬ እንደሆነ የሚፈርመው ለኪሳራው የሚጠየቀው የሂሳብ ኃላፊ ነው፣ ሱቁ እስከ 4 ሰዓት ያለ ፕሮፎርማ ቢውልም።