የወለድ ወለድ

ልጆቼ፣ «ወለድ» የሚለው ቃል ከመውለድ የመጣ ነው። አንዲት ላም ያለው ገበሬ በየዓመቱ የምትወልደውን ጥጃ ከሸጠ ምንጊዜም ያለችው ያቺው አንዲት ላም ናት። ጊደሯን ያቆየ ግን እሷም በተራዋ ትወልድለታለች። የነጠላ ወለድና የድርብ ወለድ ልዩነት ይኸው ነው።

በ7 በመቶ ዓመታዊ ወለድ 100,000 ብር ባንክ አስቀመጣችሁ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት በሁለቱም ስሌት ወለዱ 7,000 ብር ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን ነጠላው ያንኑ 7,000 ሲሰጥ፣ ድርቡ 7,490 ይሰጣል። 490ዋን የወለደው የአምናው 7,000 ብር ነው። ትንሽ ስለሆነች ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። በ10ኛው ዓመት መጨረሻ ነጠላው 170,000 ብር ሲደርስ ድርቡ 196,715 ይሆናል። በ20ኛው ዓመት ደግሞ ነጠላው 240,000፣ ድርቡ 386,968 ነው።

እኔ ለዓመታት የቁጠባ ደብተሬ ላይ የተጨመረችውን ወለድ ለፋሲካ በግ እያወጣሁ፣ ዋናውን ስላልነካሁ የቆጠብኩ ይመስለኝ ነበር። ባንኩ በድርብ ቢያስብልኝም በገዛ እጄ ነጠላ አደረግሁት። እናንተ የበጉን ገንዘብ ከደመወዛችሁ አውጡ፤ ወለዱን ከእናቱ ጋር ተዉት።

ብድር ላይ ምክሬ ይገለበጣል። እዚያ ላሟ የአበዳሪው ናት፤ ጊደሯን ቶሎ ማስወጣት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። በ16 በመቶ 100,000 ብር ተበድራችሁ በየዓመቱ ወለዱን 16,000 ብር ብትከፍሉ፣ በ5 ዓመት ዋናውን ጨምሮ የምትከፍሉት 180,000 ብር ነው። ምንም ሳትከፍሉ ብትቆዩና ያልተከፈለው ወለድ በየዓመቱ ወደ ዋናው ቢዞር ግን ዕዳው 210,034 ብር ይደርሳል። ስለዚህ «የእፎይታ ጊዜ አለህ» ስትባሉ ከመደሰታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ በእፎይታው ጊዜ የሚታሰበው ወለድ ወደ ዋናው ይደመራል ወይ? በዚሁ ብድር ሁለት ዓመት እፎይ ብትሉና ወለዱ ቢደመር፣ ክፍያ የምትጀምሩት በ100,000 ሳይሆን በ134,560 ብር ዕዳ ላይ ነው።

ውሉ ካልገባችሁ የሂሳብ መግለጫውን ተመልከቱ። አዲስ ብር ሳትበደሩ የዋናው ዕዳ ቁጥር ከአምናው ከበለጠ፣ ወለዱ እየወለደ ነው። በዚያን ጊዜ ሙሉውን ክፍያ ባትችሉ እንኳ ቢያንስ የዓመቱን ወለድ ክፈሉ፤ ዕዳው ባይቀንስም አያድግም።