«ቸልተኛ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ወንበር ላይ በወጣትነት የተቀመጣችሁትን ነው የማናግረው። ሁለት ዓይነት አለቆች በዝተውብኛል። አንደኛው በይሉኝታ ታስሮ የስድስት ወሩን ምዘና ለሁሉም «ከፍተኛ» ብሎ ይሞላል። ሌላው ሲመረው አንድ ጠዋት ተነሥቶ ሰው የሚያቃጥል ደብዳቤ ያወጣል። አንዳንዴም ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው።

በቅርቡ አንድ የወዳጄ ልጅ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ የሆነ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው ሊሰጥ ያዘጋጀውን ደብዳቤ አሳየኝ። «በሥራዎ ላይ ከፍተኛ ቸልተኝነት ስለሚታይብዎና ኃላፊነትዎን ስለማይወጡ በአስቸኳይ እንዲያስተካክሉ እናሳስባለን» ይላል። ከሥር ለሦስት ክፍሎች ግልባጭ ተደርጓል።

«ምን አጠፋ?» አልኩት።

«ዕቃ ሲገባ ቢን ካርድ ላይ አይመዘግብም።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

ሁልጊዜ የሚባል ቀን የለም፤ ሰነዶቹን አምጣ አልኩት። በጥር ወር 14 ሞዴል 19 ተቆርጧል። አምስቱ ካርድ ላይ የሰፈሩት ዕቃው ከገባ ከሳምንት በላይ ቆይተው ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ግን የዘገዩት የርክክብ ኮሚቴው ሪፖርቱን ባለመላኩ ነበር። ስለዚህ የሰውየው ጥፋት ሦስት ነው። ሦስት ቀላል ነው አላልኩም፤ «ሁልጊዜ» ግን አይደለም።

ከዚያ ሂድና ራሱን ጠይቀው አልኩት፤ በሩን ዘግተህ፣ ለብቻው። የበደለን ወንድም መጀመሪያ ለብቻ እንድናነጋግረው ወንጌል ያዘዘን ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻ አይመስለኝም። ሰውየው ረዳቱ ከተዛወረ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያወጣ ውሎ ለመመዝገብ ጊዜ እንደማይተርፈው ነገረው። ኃላፊው ይህን አያውቅም ነበር። ከአሥር ሰዓት በኋላ ዕቃ እንዳይወጣ ወሰነ፤ ደብዳቤውንም እንደገና ጻፈው፦

«በጥር ወር ከገቡት ዕቃዎች ሦስቱ ቢን ካርድ ላይ የተመዘገቡት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ቀን ዘግይተው ነው። በዚህም ምክንያት ጥር 21 ቀን ስድስት ቶነር መደርደሪያ ላይ እያለ ካርዱ ባዶ ስላሳየ አዲስ ግዥ ተጠይቋል። ከአሁን በኋላ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ዕቃ ስለማይወጣ፣ የገባው ዕቃ ቢዘገይ በማግስቱ እንዲመዘገብ፤ የርክክብ ሪፖርት ሲዘገይብዎ በዕለቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ። መጋቢት 15 ቀን ካርዶቹን አብረን እናያለን።»

ይህ ከመጀመሪያው የለዘበ እንዳይመስላችሁ፤ የጠነከረው ይኼኛው ነው። ለ«ቸልተኛ» ሰውየው «አይደለሁም» ብሎ መልስ ይጽፋል፤ ለስድስቱ ቶነር ግን ምን ይመልሳል?

አሁን ወደ ሆዴ ቁስል ልምጣ፤ ግልባጭ። ልጅ ሳለሁ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የወቀሳ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጓዝ ያየሁት እዚያ ነው፦ ታይፒስቷ ታነበዋለች፣ መዝጋቢው ወጪ ቁጥር ሲሰጠው ያነበዋል፣ ተላላኪው ደረጃ ላይ ቆሞ ያነበዋል፣ ግልባጭ የደረሰው ክፍል በሻይ ሰዓት ያነበዋል። ባለቤቱ ዘንድ ሲደርስ እሱ የመጨረሻው አንባቢ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ አለቃ ነበሩን፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቁጡ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ወቀሳ ሲጽፉ ግን በእጃቸው ጽፈው፣ ፖስታውን ራሳቸው አሽገው፣ ሰውየውን አስጠርተው «አንብበው፤ ያልሆነ ነገር ካለበት አሁን ንገረኝ» ይሉታል። ስህተት ሲነገራቸው መስመር ሲሰርዙ በዓይኔ አይቻለሁ። ሠራተኛው ከቢሯቸው ሲወጣ ፊቱ ይጠቁራል፤ አንገቱን ግን አይደፋም ነበር።

እናንተ ግን ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትለጥፋላችሁ! ለሰው ሀብት ማህደር አንድ ቅጂ ይበቃል። ለኦዲት፣ ለፋይናንስ፣ ለዋናው ሥራ አስኪያጅ የሚሄደው ምን እንዲያደርጉበት ነው? እንዲያዩት ብቻ ከሆነ ሰው ማዋረድ ነው።

በግል ድርጅት የምትሠሩ ደግሞ ሥራ ለማሻሻል የተጻፈን አስተያየት ከማስጠንቀቂያ ጋር አታምታቱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደና በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት ይችላል። በንዴት «ማስጠንቀቂያ» ብላችሁ የጻፋችሁት ወረቀት ነገ የሰው እንጀራ ላይ ሊመጣ እንደሚችል እያወቃችሁ ጻፉ፤ ሲያስፈልግ ደግሞ ሳትፈሩ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሳችሁ ጻፉት።

ቀጠሮ የያዛችሁበትን ቀንም አትርሱ። ካርዶቹ ተስተካክለው ከተገኙ ያንን በሁለት መስመር ጻፉና እዚያው ማህደር ውስጥ አስገቡት፤ ወቀሳው ብቻውን ከቀረ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው አለቃ ሰውየውን የሚያውቀው በእሱ ነው።