ክብርና አክብሮት
(ስለ አንድ ያረጁ አዳኝና ስለ ልጅ ልጃቸው)

ባለፈው የንባብ ምሽታችን አንድ ጓደኛችን የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ አነበበልን። ታሪኩ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ያረጁ አዳኝ ዓይናቸው ቢደክም፣ እጃቸውም መንቀጥቀጥ ቢጀምር፣ የኖሩበትን ምንሽር ለልጅ ልጃቸው ያስረክባሉ። የሚያስረክቡት ግን ጠመንጃውን ብቻ አይደለም፤ «አክብር» የሚል ትምህርት አብረው ይሰጡታል። ንባቡ ሲያልቅ ግማሾቻችን አጨበጨብን። ከቀሩት አንዱ ግን ብድግ አለና፣ «እንዴ! ልትገድለው የሄድከውን እንስሳ አከብረዋለሁ ማለት ምን ማለት ነው? በጥይት እየበሳህ ማክበር አለ እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ፤ አላለቀም። ይህችን ጽሑፍ የምናቀርበውም ስላላለቀልን ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን ላልሰሙት እንንገር። ሽማግሌውና ልጁ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት ይወጣሉ። ከዱሩ ጫፍ ሲደርሱ ሽማግሌው ጠመንጃውን ከትከሻቸው አውርደው፣ «ባዶ ነው፤ እንካ» ይሉታል። ልጁ ይቀበልና ወዲያው ትከሻው ላይ ያደርገዋል። እሳቸው መልሰው ይወስዱበታል። ቃታውን ከፍተው፣ ጣታቸውን ከትተው ይዳብሱና፣ «ባዶ ነው ያለህን ሰው አትመን፤ እኔንም ቢሆን» ይሉታል። ቀጥሎም አንድ ድኩላ በተራራው አናት ላይ፣ ሰማዩን ጀርባው አድርጎ ቆሞ ያያሉ። ልጁ ሲያነጣጥር አያቱ አፈሙዙን በእጃቸው ወደ መሬት ይጫኑታል። ጥይት የሳተ እንደሆነ፣ ወይም በስቶ ያለፈ እንደሆነ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከተራራው ማዶ ደግሞ የማን ማሳ፣ የማን እረኛ እንዳለ ከዚህ ወዲህ ሆኖ የሚያይ የለም። «ከጀርባው አፈር የሌለውን አትተኩስበት» ይላሉ ሽማግሌው።

እስከዚህ ድረስ የሰው ጉዳይ ነው፤ ማንም አይከራከርበትም። የሚያከራክረው ቀጥሎ የሚመጣው ነው።

ፀሐይ ብቅ ስትል ከቁጥቋጦው ዳር አንዲት ድኩላ ወጥታ ትግጣለች። ጎኗን ሰጥታለች፤ ከጀርባዋ ገደል አለ፤ ርቀቷም ቅርብ ነው። ልጁ ያውቃል፤ ቀንድ ስለሌላት ሴት ናት። ግን ብቻዋን ናት። «አባባ፣ ግልገል የላትም» ይላል በሹክሹክታ። ሽማግሌው፣ «አላየሁም በል» ይሉታል።

እንግዲህ ጓደኛችን ይህን ያህል ስለ ድኩላ ማወቁ ደስ አሰኝቶናል። የድኩላ ግልገል እንደ ፍየል ግልገል እናቱን እየተከተለ አይውልም። በተወለደ ሰሞን እናቱ ከጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ትሸሽገዋለች፤ እሷ ወጥታ ትግጣለች፣ ተመልሳ ታጠባዋለች። እሱም ሽታውን ደብቆ፣ ድምፁን ውጦ ይጠብቃል። የሚወልዱበትም ወር አንድ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሊወልዱ ይችላሉ። ስለዚህ «ወራቱ አይደለም» ብሎ መጽናናት አይቻልም። ብቻዋን የቆመች ሴት ድኩላ ግልገል እንደሌላት ማስረጃ አይደለችም፤ እንዲያውም ግልገል ያላት ድኩላ የምትታየው እንዲሁ ብቻዋን ነው።

ልጁ ጠመንጃውን ዝቅ ያደርጋል። ድኩላዋም ትሄዳለች። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ለማንም ያልነገሩትን የሚነግሩት። በጉብዝናቸው ዘመን አንዲቱን ጥለው ሲገፉ፣ ጡቷ ወተት አግቶ አገኙት። ሥጋውን ትተው ቁጥቋጦውን ለቁጥቋጦ እስኪመሽ ድረስ ፈለጉ፤ ግልገሉን አላገኙትም። በማግሥቱም ሄዱ፤ አላገኙትም። «እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል» ይላሉ። ከዚያ ጠመንጃውን ለልጁ ይሰጡታል፤ ታሪኩም ያበቃል።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። መግደልና ማክበር አብረው ይኖራሉ ወይ?

በቋንቋችን ሁለት ጎረቤት ቃላት አሉ፤ ክብርና አክብሮት። ክብር ወደ እኔ የሚመጣ ነው፤ አክብሮት ከእኔ የሚወጣ ነው። የድሮው የአደን ባህላችን በአብዛኛው የክብር ባህል ነበር። አንበሳ የገደለ፣ ጎሽ የገደለ ይፎክራል፣ ይሸለማል፤ ዝሆን የገደለ ጆሮው ላይ ወርቅ ያደርጋል። በፉከራው ውስጥ አውሬው ይወደሳል፤ ኃይለኛነቱ፣ አስፈሪነቱ ይነገራል። ነገር ግን ያ ውዳሴ የሚያርፈው ገዳዩ ላይ ነው። አውሬው በከበደ ቁጥር ገዳዩ ይከብዳል። ጓደኛችን «ውሸት ነው» ያለው ይህን ከሆነ እኛም ከእሱ ጋር ነን።

የሽማግሌው ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወተት ያጋተ ጡት ማንም አያሸልምም። ሁለት ቀን ግልገል ፍለጋ መንከራተት አይፎከርበትም። እኛ አክብሮት የምንለው ይህን ነው፦ የሌላው ፍጡር ሁኔታ፣ እኔ ባላየውም፣ እሱ ባይናገረውም፣ እጄን የሚይዝ ምክንያት ሲሆን። መውደድ ማለት አይደለም፣ ማዘን ማለትም ብቻ አይደለም። አዝኖ የሚተኩስ ሞልቷል። ዋናው ነገር ያ ሁኔታ በእኔ ፍላጎት ላይ መመዘኑ፣ አንዳንድ ጊዜም ማሸነፉ ነው። እንደዚህ ከሆነ ገበሬው በሬውን አርዶ ሊያከብረው እንደሚችል ሁሉ አዳኙም ሊያከብር ይችላል። ሳይገድልም የሚንቅ አለና።

ሆኖም ይህ አባባል በቀላሉ የሚፈተን አይደለም። ብዙውን ጊዜ አክብሮትና ጥቅም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቆሰለ ድኩላን ተከታትሎ መጨረስ የአዳኝ ግዴታ ነው ይባላል። ጥይቱ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ሳንባው ላይ ካረፈ ደሙ ደማቅና አረፋ ያለበት ነው፤ ድኩላው ብዙም ሳይርቅ ይወድቃል። አዳኙ ሮጦ ደርሶ፣ ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ብሎ ካረደው ሥጋው ይበላል። እዚህ ላይ የሚሮጠው ለእንስሳው ሥቃይ ይሁን ለወጡ ማን ይለያል?

ጥይቱ ወደ ኋላ ሄዶ አንጀቱን የመታው እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደሙ ትንሽ ነው፤ ፈርስ ይቀላቀልበታል፤ ይሸታል። እንዲህ ያለው ድኩላ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ወዲያው ቢያባርሩት እየሸሸ ይርቃል፤ ስለዚህ አዋቂ አዳኝ ተቀምጦ ብዙ ይጠብቃል፤ ከዚያ ዱካውን ቀስ ብሎ ይከተላል። የቆሰለ ወንድ ድኩላ ደግሞ ከጥሻ ውስጥ መሽጎ ቆይቶ በቀንዱ ሊወጋ ይችላል። ሲመሽ ዱካው ይጠፋል። ጠዋት ሲገኝ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሥጋው በክት ነው፣ የሚበላው የለም። እንግዲህ አዳኙ ይህን ሁሉ እያወቀ፣ ሥጋ እንደማያገኝ እየገመተ፣ አደጋ እንዳለው እያወቀ፣ የሚያየውም ሳይኖር ጥሻው ውስጥ ይገባል ወይ? ከገባ፣ የገባበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ሥቃዩን ያመጣው እሱ ስለሆነ መጨረስም የእሱ ስለሆነ ነው። አክብሮት ከጥቅም ተለይቶ ብቻውን የሚታየው እዚህ ቦታ ላይ ይመስለናል።

በዚህ ዓይን ካየነው የጓደኛችን ታሪክ አንድ ጉድለት አለበት። ልጁ ጠመንጃውን ዝቅ ሲያደርግ አያቱ አጠገቡ ናቸው። ድኩላዋን አክብሮ ይሁን አያቱን ፈርቶ አናውቅም፤ ምናልባት እሱም አያውቅም። ጠመንጃው የተሰጠው ለተፈተነ ልጅ ሳይሆን ለታዘዘ ልጅ ነው።

ሌላም ያልተነካ ነገር አለ። ታሪኩ አንድ አዳኝ ልቡ ንጹሕ ከሆነ ዱሩ ደህና ይሆናል የሚል ይመስላል። ዋልያን እንመልከት። በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ ጠመንጃ በስሜን ተራሮች በዛ፤ በዓለም ላይ ከዚያ በቀር የማይገኘው ዋልያም ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 የዓለም ቅርስ ተባለ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከተኳሾቹ መካከል ሽማግሌያችንን የሚመስሉ፣ እናቲቱን የሚተዉ፣ የቆሰለውን የሚከተሉ አልነበሩም ማለት አንችልም። ነገር ግን መቶ አክባሪ አዳኞች በዓመት አንድ አንድ ያረጀ አውራ ቢጥሉ፣ እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን አንድ ብቻ ነው፤ የመቶውን ድምር ከገደሉ ጫፍ ሆኖ የሚያይ የለም። እንደ ተደበቀው ግልገል ሁሉ ድምሩም የማይታይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን መከልከሉ ለብዙ የገጠር ሰው ንቀት ይመስላል፤ «እኛ ዱሩን አናውቅም ወይ?» ይላል። ያውቃል። ቆጠራው ግን ከአንድ ሰው ዓይን በላይ ነው።

ስለዚህ የሽማግሌውን ትምህርት አንጥለውም፤ ወደ ፊት እንገፋዋለን። «አላየሁም በል» ያሉትን ቃል እስከ መጨረሻው የተከተለ ልጅ፣ አንድ ቀን ጎኑን ሰጥቶ፣ ገደል ተደግፎ የቆመ አውራ እያየ፣ ከዚህ ቀደም ስንቱ እንደወደቀ አላየሁም ብሎ ጠመንጃውን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ያን ጊዜ ምንሽሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ትምህርቱ ግን ሥራውን ሠራ ማለት ነው።

ጓደኛችን ታሪኩን እንደገና ሊጽፈው ቃል ገብቶልናል። አንድ ነገር ብቻ ለመንነው፦ በመጨረሻው ገጽ ሽማግሌውን ከቤት አስቀራቸው። ልጁ ብቻውን ይሁን፤ ይምሽበት፤ ደሙም ትንሽና የሚሸት ይሁን። ከዚያ ጥሻው ውስጥ ይግባ ወይም አይግባ፣ እሱ ይወስን። እኛም ያን ስናነብ እንደገና እንከራከራለን።